አጭር ጸጉርን በፎቶ ላይ ማስረዘም፦ የትኛው ዘዴ ለየትኛው ፎቶ?

ጸጉሩን አጭር የተቆረጠ ሰው ፎቶ ላይ ረጅም ጸጉር መጨመር ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል። እውነትም ጸጉሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ያምራል። የሚበላሸው ዙሪያው ነው። ግንባሩ ያጥራል፣ ጆሮው ቅርጹን ያጣል ወይም ዝቅ ይላል፣ አንገቱ ይቀጥናል፣ ኮሌታው አንድ ወገን ላይ ይጠፋል። ፎቶውን የሚያየው ዘመድ ታዲያ «ጸጉሩ የውሸት ነው» አይልም፤ «ይህቺ እሷ አትመስለኝም» ነው የሚለው። ምክንያቱን ቢጠይቁት ግን አያውቀውም።

ለዚህ ሥራ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ከሌላ ፎቶ ላይ እውነተኛ ጸጉር ቆርጦ ማምጣት ነው። ሁለተኛው በብሩሽ ዘለላ በዘለላ መሳል ነው። ሦስተኛው ቦታውን መርጦ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲሞላው ማድረግ ነው፤ ፎቶሾፕ ላይ ይህ Generative Fill ይባላል። አንድ ቁልፍ ሲነኩ ጸጉር የሚያስረዝሙትን የስልክ ፊልተሮች ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አላስገባኋቸውም። ብዙዎቹ ከጸጉሩ ጋር ቆዳውንም መንጋጋውንም አብረው ስለሚነኩ የቱን እንደለወጡ ለማወቅና ለመመለስ ያስቸግራሉ።

ከሦስቱ የትኛውን እንደምትይዙ ሊወስንላችሁ የሚገባው የጸጉሩ ርዝመት ወይም ቀለም አይደለም፤ ጆሮው ነው። ጆሮው ሙሉ በሙሉ የሚሸፈን ከሆነ ሦስተኛው መንገድ ፈጣንና በቂ ነው። ጸጉሩ ከጆሮ ኋላ ተጠልፎ ጆሮው የሚታይ ከሆነ ግን ከሌላ ፎቶ የመጣ እውነተኛ ጸጉር ይሻላል። ብሩሽ ለብቻው ሥራውን የሚጨርስበት ጊዜ እምብዛም ነው፤ በሁለቱም መንገዶች መጨረሻ ላይ ግን ያለ እሱ አይሆንም። ይህን ያልኩበትን ምክንያት በአንድ ፎቶ ላይ እያሳየሁ ልሂድ።

የምንሠራበት ፎቶ

ፎቶው ወርዱ 3000፣ ቁመቱ 4000 ፒክስል ነው እንበል። አንዲት ሴት ፊቷን በትንሹ ወደ ጎን አዙራ ስለተቀመጠች የሚታየው አንድ ጆሮ ብቻ ነው። የጎንና የማጅራት ጸጉሯ በማሽን ተስተካክሎ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ቀርቷል፤ አናቷ ላይ ያለው 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃኑ ከላይ ከግራ ይመጣል፣ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ግራጫ ነው፣ የለበሰችው ሸሚዝ ኮሌታው ክፍት ነው። የሚፈለገው ትከሻ የሚነካ ጸጉር ነው፤ በሚታየው ጆሮ በኩል ወደ ኋላ የተጠለፈ፣ በሌላው በኩል በትከሻ ፊት የሚወርድ።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት አንድ ልኬት እወስዳለሁ። ከጸጉር መነሻዋ እስከ አገጯ 1240 ፒክስል ነው። ይህ ርቀት በአዋቂ ሰው ላይ ከ18 እስከ 19 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዚህ ፎቶ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ማለት 67 ፒክስል ገደማ ነው ማለት ነው። ግምት ነው፤ ለሥራው ግን ይበቃል። አንድ የጸጉር ዘለላ ውፍረቱ 0.07 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚህ ፎቶ ላይ ግማሽ ፒክስል እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በ5 ፒክስል ብሩሽ የተሳለ «ዘለላ» ለምን ገመድ እንደሚመስል ከዚህ ይገባችኋል። አጭሩ የጎን ጸጉር በረጅም ጸጉር ሲተካ የጭንቅላቷ ጎን በግምት 1.5 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 100 ፒክስል ያህል ወደ ውጭ ይሰፋል። አናቷ ላይ ግን ለውጡ ጥቂት ነው፤ ዞማ ጸጉር ሲረዝም በራሱ ክብደት ስለሚተኛ 2 ሳንቲ ሜትር ቆሞ ከነበረው ብዙም ከፍ አይልም። አናት ላይ ሦስት ጣት የሚያህል ጸጉር መከመር የጀማሪ ሥራ ዋና ምልክት ነው። ፊት ያነሰ፣ ግንባር ያጠረ የሚመስለውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ክምር የተነሳ ነው፤ ግንባሩ ራሱ አንድ ፒክስል ሳይነካ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቅድመ ሥራ አጥር ነው። ፊቷን ከጸጉር መነሻዋ ጀምሬ፣ ጆሮዋን፣ አንገቷንና ኮሌታዋን ጨምሬ እመርጥና ምርጫውን Save Selection ብዬ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ይህን ክፍል ለብቻው ወደ አዲስ ሌየር፣ ማለትም በፎቶው ላይ ወደሚነጠፍ ንጣፍ፣ ቀድቼ ከሁሉም በላይ አኖረዋለሁ። ሥሩ ላይ ምንም ይሥሩ፣ ዋናው ፊት እንደነበረ ከላይ ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ይህ አጥር የት የት ላይ እንዲከፈት እንፈቅዳለን? ጸጉር ቆዳ ላይ መውደቅ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ፣ የሌየሩን ክፍል ሳያጠፋ በሚደብቅ ማስክ፣ በትንሽ በትንሹ።

ጆሮ

ከረጅም ጸጉር ጋር ጆሮ ሦስት ዓይነት ሁኔታ ሊኖረው ይችላል። አንድም ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል፣ አንድም ጫፉ ወይም የታችኛው ሥጋው ብቻ ብቅ ይላል፣ አንድም ጸጉሩ ከኋላው ተጠልፎ ሙሉው ይታያል። በአንድ ፎቶ ላይ ከሦስቱ አንዱን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ሳይወሰን የተጀመረ ሥራ መጨረሻው ጆሮ የሚመስል ነገር በጸጉር መሃል ተንሳፍፎ መቅረት ነው።

ሲሸፈን ጭንቀቱ ይቀንሳል። መጠበቅ ያለበት የጉንጩ ጠርዝ ብቻ ነው። ጸጉሩ ከጆሮ ግንድ ወደ መንጋጋ ሲወርድ የፊቱን ጠርዝ ይሸፍናል፤ ወደ ውስጥ 1 ሳንቲ ሜትር ከገባ ፊቱ ጠባብ ሆኖ ይታያል። ይህ በእውነተኛ ጸጉርም የሚሆን ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው ሰውዬው የሚታወቅበትን የጉንጭ ስፋት ከነጭርሱ ሲውጠው ነው። ስለዚህ የጸጉሩ ውስጠኛ ጠርዝ ጆሮው ከፊት በኩል ከሚጀምርበት መስመር ብዙ እንዳያልፍ አደርጋለሁ።

ሲጠለፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጸጉሩ ከጆሮ ግንድ ተነስቶ በጆሮው የላይኛ ጫፍ ላይ ይተኛል፣ ከዚያ ጫፉን ዞሮ ወደ ኋላ ይገባል፣ በመጨረሻ ከጆሮው ሥር እንደገና አንገት ላይ ይወጣል። በእነዚህ ሦስት ነጥቦች መሃል አንድ ወጥ ፍሰት መኖር አለበት። ላይ የገባው ጸጉር ብዛቱ ታች ከሚወጣው ጋር ካልተመጣጠነ፣ ዓይን ምክንያቱን ሳያውቅ ስህተቱን ይይዘዋል። ከዚያም በላይ ጆሮ የሰው መለያ ነው። እጥፋቱ፣ የታችኛው ሥጋ ከጉንጭ ጋር የተጣበቀ ወይም የተንጠለጠለ መሆኑ፣ ሁሉም ከሰው ሰው ይለያያል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባል እንጂ፣ ለባለቤቱ ቤተሰብ ባዳ አይደለም።

Generative Fill እዚህ ላይ የሚወድቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከምርጫው ውጭ ያለውን ፒክስል አይነካም፤ ምርጫው ጆሮውን ካካተተ ግን ጆሮውን ራሱ እንደ አዲስ ይፈጥረዋል። አዲሱ ጆሮ ብዙ ጊዜ ያማረ ነው፣ ግን የእሷ አይደለም። ውጤቱ በራሱ ሌየር ላይ ከማስክ ጋር ስለሚመጣ «ማስኩን ቀብቼ የድሮውን ጆሮ እመልሳለሁ» ማለት ይቻላል፣ ብዙዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ችግሩ ጸጉሩ የተጠለፈው አዲስ በተፈጠረው ጆሮ ዙሪያ መሆኑ ነው። የእሷ ጆሮ ከዚያ 15 ፒክስል ቢያጥር ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ቢያጋድል፣ ከላይኛው ጫፍ በላይ ባዶ የቆዳ ጨረቃ ይቀራል፣ ወይም ጸጉሩ ጆሮውን ሳይነካ በአየር ላይ ይዞራል። ምርጫውን ከጆሮው ጠርዝ ላይ በጥንቃቄ ብታቆሙትስ? ያኔ ፕሮግራሙ ጸጉሩን እስከ ጆሮው ጠርዝ አምጥቶ ያቆመዋል፤ በላዩ ላይ አያስተኛውም። ጆሮው ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል።

ከሌላ ፎቶ የመጣ ጸጉር ግን የምታጥፉት በእጃችሁ ነው። የተጠለፈ ጸጉር ያለበት ፎቶ ታመጣላችሁ፤ በመጀመሪያ የላይኛውን የጆሮ ጫፍ ከእሷ የጆሮ ጫፍ ጋር ታገናኛላችሁ፤ ከዚያ Puppet Warp ላይ ሁለት ሦስት መርፌ ሰክታችሁ ከጆሮ ኋላ ያለውን ክፍል ብቻ ወደ ቦታው ትገፋላችሁ። የእሷ ጆሮ በላይኛው ሌየር ላይ ስላለ አይነካም። በመጨረሻ ከጆሮዋ ጫፍ በላይ ያለውን የአጥሩን ማስክ ከ10 እስከ 15 ፒክስል ያህል ከፍታችሁ ጸጉሩ እንዲተኛበት ታደርጋላችሁ።

ከዚያ ጥላ ይቀራል፤ ጆሮን ጆሮ የሚያደርገው ደግሞ እሱ ነው። ጸጉር ጆሮን በሚነካበት መስመር ላይ ጥላው ቀጭንና ጠቆር ያለ ነው፤ ከዚያ ሲርቅ ይሰፋል፣ ይሳሳል። የአዲስ ሌየር ሁኔታ ሥሩን በሚያጠቁረው Multiply ላይ አድርጌ የምቀባው ቀለም ጥቁር ወይም ግራጫ አይደለም። ከራሷ ቆዳ ላይ፣ ከአገጯ ሥር ካለው ጥላ፣ ቀለሙን እወስዳለሁ። በቆዳ ላይ ያለ ጥላ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል፤ በግራጫ የተቀባ ጥላ ቆሻሻ ይመስላል።

መካከለኛው ሁኔታ፣ ጫፉ ብቻ ብቅ የሚልበት፣ ከሁለቱም ይበልጥ አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ብቅ ያለው ቁራጭ ለዓይን በቂ መረጃ ስለማይሰጥ ጉድለት ይመስላል። ደንበኛው ራሱ ካልጠየቀ በስተቀር አልመርጠውም።

ግንባር

ግንባር ላይ ያለው ሕግ አጭር ነው። ጸጉር ረዘመ ማለት የሚበቅልበት ቦታ ተለወጠ ማለት አይደለም። የጸጉር መነሻው እዚያው ነው፤ የሚለወጠው ከዚያ የሚነሳው ጸጉር የሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ስለዚህ የእሷን የመጀመሪያ ረድፍ ጸጉር አላጠፋውም። ከመነሻው ከ20 እስከ 30 ፒክስል ያህል የራሷን አጭር ጸጉር ትቼ፣ አዲሱን ጸጉር ከዚያ በላይ ባለው ላይ አዋህደዋለሁ። እነዚያ ሳሳ ያሉ፣ ወደ ቆዳው ቀስ በቀስ የሚጠፉ ጥቃቅን ጸጉሮች ናቸው ግንባሩን የእሷ የሚያደርጉት። አዲስ ጸጉር በቀጥታ ቆዳ ላይ ሲቀመጥ ጠርዙ ዊግ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ሦስቱም መንገዶች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ከሌላ ፎቶ የመጣው ጸጉር የሌላውን ሰው የግንባር ቅርጽ ይዞ ይመጣል፤ መነሻው ክብ የሆነውን ሰው ጸጉር፣ ጆሮ ግንድ ላይ ወደ ኋላ ለገባ ሰው ከሰጡት ግንባሩ ይጠባል። መፍትሔው የመጣውን ጸጉር የፊት ረድፍ ቆርጦ መጣል ነው። Generative Fill ደግሞ ምርጫው ቆዳውን በትንሹ እንኳ ከነካ መነሻውን ወደ ታች ማውረድ ይወዳል። ስለዚህ ምርጫውን ከጸጉሩ መነሻ በላይ አቆመዋለሁ፤ በቆዳው ላይ ሳይሆን በራሷ ጸጉር ውስጥ። ብሩሽ በበኩሉ እዚህ ቦታ ላይ ንጉሥ ነው። ከ1 እስከ 2 ፒክስል፣ ጫፉ በግፊት የሚቀጥን ብሩሽ ይዞ ከራሷ ጸጉር ውስጥ ተነስቶ ወደ አዲሱ አቅጣጫ መጎተት። ሃምሳ ያህል ዘለላ ሁለቱን ጸጉሮች ይሰፋቸዋል።

አስቸጋሪው ተቃራኒው ሁኔታ ነው፤ አጭሩ ጸጉር ግንባር ላይ ወርዶ ከሆነና አሁን ወደ ኋላ እንዲሄድ ከተፈለገ። ያኔ ከሥሩ ያለውን ግንባር ፎቶው አያውቀውም። ማንም ዘዴ ቢጠቀሙ የሚወጣው ግምት ነው። የዚያው ሰው ሌላ ፎቶ፣ ግንባሩ የሚታይበት፣ ካልተገኘ ጸጉሩን ወደ ጎን አስተኝቶ ግንባሩን እንደተሸፈነ መተው ይሻላል።

አንገትና ኮሌታ

አንገት ላይ የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉን ነው። ረጅም ጸጉር በሁለት ይከፈላል፤ ከአንገት ኋላ ያለና በትከሻ ፊት የሚወርድ። ሁለቱ በአንድ ሌየር ላይ ከሆኑ አንገቱ መቅጠኑ አይቀርም፤ ምክንያቱም የኋላው ጸጉር የአንገቱን ጠርዝ ከፊት በኩል ይበላዋል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ እንዲህ እደረድራለሁ፦ ግድግዳ፣ የኋላ ጸጉር፣ ሰውየዋ፣ የፊት ጸጉር፣ ከሁሉ በላይ ልቅ ዘለላዎች። ለዚህ ሰውየዋ ከግድግዳው ተቆርጣ በራሷ ሌየር ላይ መሆን አለባት፤ Select Subject ብሎ ጀምሮ የአንገቱንና የትከሻውን ጠርዝ በእጅ ማስተካከል በቂ ነው።

የኋላ ጸጉር በአንገትና በትከሻ መሃል ያለውን ክፍት ቦታ ይሞላል። ጥላ ውስጥ ስለሆነ ጠቆር ያለ፣ ዝርዝሩ የደበዘዘ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ዘለላ በዘለላ የሚያብረቀርቅ ጸጉር ካስገባችሁ ወደ ፊት ይመጣና አንገቱን ያንቀዋል። የፊት ጸጉር ደግሞ የደረትና የትከሻን ቅርጽ መከተል አለበት። ከአንገት ስር ባለው አጥንት ላይ ሲያልፍ ትንሽ ይታጠፋል፣ ኮሌታ ላይ ሲደርስ ወይ በላዩ ይወጣል ወይ ከውስጥ ይገባል። ቀጥ ብሎ እንደ መጋረጃ ከወረደ፣ ምንም ያህል ጸጉሩ እውነተኛ ቢሆን፣ የተለጠፈ ነው።

በዚህ ክፍል Generative Fill በእውነት ይረዳል፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ለኋላ ጸጉሩ ሰውየዋ ያለችበትን ሌየር ከላይ አድርጌ፣ ከሥሩ ያለውን ግድግዳ ብቻ መርጬ አስሞላለሁ። ዝርዝር ስለማይጠየቅበት ጉድለቱ አይታይም፤ አንገቱም በላይኛው ሌየር ተጠብቋል። የፊት ጸጉሩ ላይ ሲሆን ግን ኮሌታውን እንደገና ይሰፋዋል። ቁልፍ ይጨምራል፣ ጠርዙን ያንቀሳቅሳል፣ አንዳንዴ ሸሚዙን ወደ ሌላ ልብስ ይለውጠዋል። ይህን ከማስክ ጋር ስትታገሉ ከምታሳልፉት ጊዜ ጸጉር ከሌላ ፎቶ ማምጣቱ ይቀላል።

ጸጉር የሚሰጠውን ፎቶ መምረጥ

ከሌላ ፎቶ ማምጣትን ከመረጣችሁ ዋናው ድካም ፍለጋው ላይ ነው። ትክክለኛው ፎቶ ከተገኘ ቀሪው የሰዓታት ሥራ ነው፤ ካልተገኘ ግን ቀኑን ሙሉ ብትጠመዝዙት አይገጥምም። የመጠቀም ፈቃድ ያለው መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላ መጀመሪያ የምታዩት የጭንቅላቱን አቅጣጫ ነው። ፊቷ ወደ ግራ ከዞረ፣ የሰጪውም ወደ ግራ በዚያው መጠን መዞር አለበት። ወደ ቀኝ የዞረ ከሆነ መገልበጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ብርሃኑም አብሮ ይገለበጣል፣ ስለዚህ ብርሃኑን የምታዩት ከገለበጣችሁ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ካሜራው ከሰውየው የነበረበትን ርቀት ገምቱ። በቅርበት፣ ክንድ በሚያህል ርቀት የተነሳ ፎቶ ላይ አፍንጫ ይገናል፣ ጆሮና የጭንቅላት ጎን ያንሳል፤ ጸጉሩም ከፊቱ አንጻር ጠባብ ሆኖ ይወጣል። ከሁለት ሜትር በላይ ርቆ ለተነሳ ፊት ይህን ጸጉር ስትሰጡት ጭንቅላቱ ከጎንና ጎን የተጨመቀ ይመስላል። ይህን በ Warp ማስተካከል ይሞከራል፣ ግን ጸጉሩ ሲለጠጥ ዘለላዎቹ ይወፍራሉ።

መጠኑን በጸጉሩ ውጫዊ ዙሪያ አትለኩ። ከአንዱ ጆሮ ግንድ እስከ ሌላው ያለውን ርቀት በሁለቱም ፎቶዎች ለክታችሁ አካፍሉ። በእኛ ፎቶ 780 ፒክስል ነው፣ በሰጪው 940 ቢሆን ጸጉሩን ወደ 83% ታሳንሱታላችሁ ማለት ነው። ማሳነስ ደህና ነው። የሰጪው 550 ቢሆን ግን ወደ 142% ማሳደግ ይጠይቃል፤ ጸጉሩ ከፊቱ ይልቅ የደበዘዘ ስለሚሆን ያን ፎቶ ትቼ ሌላ እፈልጋለሁ።

የጀርባውም ነገር አለ። ጥቁር ጸጉር በነጭ ወይም በቀላል ግራጫ ጀርባ ላይ የተነሳ ከሆነ ጠርዙን ማውጣት ቀላል ነው፤ የዳር ዳሩን ዘለላዎች በተለየ ሌየር Multiply አድርጋችሁ ብታስቀምጡ ነጩ ጀርባ ራሱ ይጠፋል። ዋናውን ክምችት በ Select and Mask፣ ዳሩን በ Refine Edge ብሩሽ አውጡ። ጥቁር ጸጉር በጥቁር ጀርባ ላይ ከሆነ ግን የዳር ዘለላ የሚባል ነገር የለም፤ ዳሩን በሙሉ ራሳችሁ ትስሉታላችሁ።

በዚህ ፎቶ ላይ የወሰንኩት

ጆሮዋ ስለሚታይ ጸጉሩን ከሌላ ፎቶ አመጣለሁ። ከአንገቷ ኋላ ያለውን በ Generative Fill አስሞላለሁ፤ ግድግዳው ግራጫና ባዶ ስለሆነ ፕሮግራሙ የሚሳሳትበት ነገር ጥቂት ነው። የግንባሩን መገናኛና የዳር ዘለላዎችን በብሩሽ እጨርሳለሁ። ያው ፎቶ ሆኖ ጸጉሩ በሁለቱም በኩል ጆሮን ሸፍኖ እንዲወርድ ቢፈለግ ኖሮ ግን ውሳኔዬ ሌላ ነበር፦ ምርጫውን ከመነሻው በላይና ከጉንጩ ጠርዝ ውጭ አድርጌ በ Generative Fill እጀምርና ከሚያቀርባቸው አማራጮች ክምሩ አነስ ያለውን እወስዳለሁ።

በዚያኛው መንገድ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። Generative Fill በ2023 ሲወጣ በአንድ ጊዜ የሚፈጥረው ቢበዛ 1024 በ1024 ፒክስል ነበር፤ ከዚያ የሚሰፋ ምርጫ ከሰጡት ውጤቱን ለጥጦ ይሞላዋል። ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም 100% አጉልታችሁ የፊቷን ቅንድብና የአዲሱን ጸጉር ጥራት ጎን ለጎን ተመልከቱ። ቅንድቡ ጥርት ብሎ ጸጉሩ ጥጥ ከመሰለ፣ ቦታውን ከፋፍላችሁ በትንንሽ ምርጫ ደግማችሁ አስሞሉ።

ፎቶውን በሙሉ ተቀብለው በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ እንደገና የሚሠሩት መሣሪያዎች ከዚህ ይለያሉ። ምርጫና ማስክ ከሌላቸው ፊቱንም አብረው ይሠሩታል። ለውጡ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ዓይን 4 ፒክስል ይወርዳል፣ ግንባር 20 ይቀንሳል። የሐሳብ ንድፍ ለማየት ይጠቅማሉ፤ የሚሰጡትን ጸጉር እንደ «ሰጪ ፎቶ» ቆርጦ መጠቀምም ያስኬዳል። ሙሉውን ውጤት እንዳለ መቀበል ግን አልመክርም።

ተበላሽቶ እንደሆነ ማወቂያው

ዓይን ለረጅም ሰዓት ያየውን ይለምዳል፤ ስለዚህ ማረጋገጫው በዓይን ብቻ አይሁን። የዋናውን ፎቶ ቅጂ ከሁሉም በላይ አድርጉና የሌየሩን ሁኔታ Difference ላይ አስቀምጡት። ያልተለወጠ ቦታ ድፍን ጥቁር ይሆናል። ዓይን፣ አፍንጫ፣ የግንባሩ ቆዳ፣ ጆሮውና የኮሌታው ስፌት ጥቁር መሆን አለባቸው። ጥላ የጣላችሁበት ቦታ ላይ ደብዛዛ ብርሃን ቢታይ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን በዓይኑ ወይም በጆሮው ዙሪያ እንደ ቀጭን ክር የሆነ የብርሃን መስመር ካያችሁ፣ ያ ክፍል ቦታውን ለቋል ማለት ነው፤ ቀለም ሳይሆን ቅርጽ ተነክቷል። አጥሩን መልሱና እንደገና እዩ።

ከዚያ ፎቶውን አግድም ገልብጡት፤ ያጋደለ ጸጉር ያኔ ይጋለጣል። ቀጥሎ አውራ ጣት እስኪያህል አሳንሱት። በዚያ መጠን ዘለላ አይታይም፤ የሚታየው የጭንቅላቱ ቅርጽ ብቻ ነው። ጭንቅላቱ ለትከሻው ትልቅ ሆኖ ከታያችሁ የአናቱን ክምር ቀንሱ፤ አንገቱ ረጅም ሆኖ ከታያችሁ የኋላው ጸጉር በጣም ጠቁሯል ወይም አንገቱን ከሁለት ወገን በልቶታል። በመጨረሻ ካሜራው ፊቱ ላይ የፈጠረው የጥቃቅን ነጥብ ኖይዝ አዲሱ ጸጉር ላይ ከሌለ Add Noise ብላችሁ በትንሹ ጨምሩ፤ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ፐርሰንት ይበቃል።

ከርዳዳ ጸጉር ሲሆን

እስካሁን ያልኩት በክብደቱ ወደ ታች ስለሚወርድ ጸጉር ነው። ከርዳዳ ጸጉር ሲረዝም በመጀመሪያ የሚያድገው ወደ ውጭ ነው፤ አናትም ጎንም እኩል ይሰፋል። ስለዚህ አናት ላይ ክምር አታድርጉ ያልኩት እዚህ አይሠራም። የሚጠበቀው ነገርም ይለያል። አንገት ባብዛኛው ነፃ ሆኖ ስለሚቀር የኮሌታው ጭንቀት ይቀላል፤ በአንጻሩ ጸጉሩ በጆሮው ላይ ከጎን እየገፋ ስለሚመጣ የላይኛው ግማሽ ተሸፍኖ የታችኛው ይቀራል። መካከለኛው ሁኔታ አደገኛ ነው ብዬ ነበር፤ በከርዳዳ ጸጉር ላይ ግን ተፈጥሯዊው እሱ ነው፣ የጆሮው የታችኛ ግማሽ የራሷ ሆኖ መቆየት ብቻ አለበት።

ብሩሽም እዚህ ላይ ከሌላው ይልቅ ይጠቅማል። የዳሩ ቅርጽ ረጅም ዘለላ ሳይሆን ጥቃቅን ቀለበት ስለሆነ፣ ከራሷ አናት ላይ ካለው 2 ሳንቲ ሜትር ጸጉር ቁራጭ ወስዳችሁ ብሩሽ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ቁራጩን መርጦ Define Brush Preset ማለት ነው። ብሩሹ የሚይዘው ቅርጹን እንጂ ቀለሙን ስላልሆነ ቀለሙን ከራሷ ጸጉር ላይ ውሰዱ፤ አቅጣጫውንና መጠኑን በብሩሽ ቅንብሩ ላይ እንዲለዋወጥ ካደረጋችሁት፣ ቀለሙና ጥምዝምዙ የራሷ የሆነ ጸጉር ወደ ውጭ ማስፋት ይቻላል። ለዚህ ዓይነት ጸጉር ሌላ ፎቶ ከመፈለጌ በፊት ሁልጊዜ የምሞክረው ይህን ነው። ፎቶው ላይ አናቷም በማሽን ተላጭቶ ከሆነ ግን የሚወሰድ ቁራጭ ስለማይኖር ወደ ሰጪ ፎቶ ፍለጋ መመለስ ግድ ነው።